ማኅተም ያለው ትርጉም ለምን ይመለሳል? የሂሳብ መግለጫን ትርጉም ከዋናው ጋር ማመሳከር

ጥያቄ፦ «በብድርና ቁጠባ ተቋም ያለኝን ሂሳብ የስምንት ወር መግለጫ አውጥቼ ወደ እንግሊዝኛ አስተረጎምሁ። ትርጉም ቤቱ ማኅተሙን አሳርፎበታል፤ በሰነዶች ማረጋገጫም አልፏል። ኤምባሲው ግን ቀኖቹና አኃዞቹ ከዋናው ጋር አይገጥሙም ብሎ መለሰልኝ። ይህን ሁሉ ማኅተም የያዘ ወረቀት እንዴት ስህተት አለበት ይባላል? አሁን ምን ላድርግ? ይኸው ትርጉም ለፍርድ ቤት ጉዳዬስ ያገለግለኛል?»

ምላሽ፦ በወረቀቱ ላይ ያሉት ማኅተሞች ሁሉ ስለ አንድ ነገር የሚመሰክሩ መስሎዎታል። እያንዳንዱ ስለ ሌላ ነገር ነው የሚመሰክረው። የተቋሙ ክብ ማኅተም መግለጫው ከእነርሱ ዘንድ መውጣቱን ይናገራል። የተርጓሚው ማኅተም «እኔ ተርጉሜዋለሁ» ከማለት አያልፍም። ሰነዶች ማረጋገጫ የሚያየው የቀረበለት ፊርማና ማኅተም በእርግጥ የዚያ ትርጉም ቤት መሆኑን ነው፤ ወረቀቱ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ካለፈ ደግሞ እዚያ የሚረጋገጠው ከፊቱ ያለው ፊርማና ማኅተም ነው። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ቁጭ ብሎ ረድፍ በረድፍ የደመረና የቀነሰ፣ ቀኖቹን አንድ በአንድ ያሰላ የለም። የኤምባሲው ሠራተኛ ምናልባት የመጀመሪያው ሰው ነው። ያ ሰው ግን እርስዎ መሆን ነበረብዎት፤ ያውም ከእርሱ በፊት።

ወደ ስህተቶቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር፦ መግለጫው መተረጎም ነበረበት ወይ? የአገራችን ትልልቅ ባንኮች መግለጫቸውን በእንግሊዝኛና በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው የሚያትሙት፤ ለእነርሱ ትርጉም ቤት መሄድ ገንዘብ ከማባከንም በላይ ስህተት የሚገባበት ተጨማሪ በር መክፈት ነው። የእርስዎ ዓይነት ተቋማት ብዙ ጊዜ በአማርኛና በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሰጣሉ። ቢሆንም ቅርንጫፉ ላይ ያለውን ኃላፊ በእንግሊዝኛ እንዲያወጣልዎት፣ ካልተቻለ ቢያንስ የመጨረሻውን ቀሪ ሂሳብና ጊዜውን የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ እንዲጽፍልዎት ይጠይቁ። ኤምባሲው ለማጣራት ቢደውል መልስ የሚሰጠው ተቋሙ ስለሆነ፣ ተቋሙ ራሱ የጻፈውን ወረቀት የሚተካ ትርጉም የለም። ምክሬም ይኸው ነው፤ ትርጉም የሚመጣው ይህ በር ሲዘጋ ብቻ ነው።

ትርጉም የማይፈታው ችግር እንዳለም ልብ ይበሉ። ለምሳሌ ብሪታንያ ለተማሪ ቪዛ የሚቀርብ ገንዘብ በሚመለከተው ተቆጣጣሪ አካል ሥር ባለ፣ መዝገቡንም በኤሌክትሮኒክ መንገድ በሚይዝ ተቋም እንዲቀመጥ ትፈልጋለች። በብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር ሥር ያለ የአነስተኛ ፋይናንስ ተቋምና የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ያቋቋሙት የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር በዚህ ዓይን አንድ አይደሉም። የማኅበር ደብተር ምንም ያህል በጥራት ቢተረጎም የባንክ መግለጫ አይሆንም።

አሁን ከጥያቄዎ ጋር ወዳያያዙት ገጽ ልምጣ። የመጀመሪያው ስህተት በሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው። ዋናው «30/06/2017» ይላል፤ የካቲት 30 ማለት ነው። ተርጓሚው «ፌብሩዋሪ 30» ብሎታል። እንዲህ ያለ ቀን በዓለም ላይ የለም። የኤምባሲው ሠራተኛ አማርኛ ማወቅ እንኳን አላስፈለገውም፤ ፌብሩዋሪ 30ን ያየ ሰው ከዚያ በኋላ የቀረውን ገጽ አያምንም። ስህተቱ የመጣው የወሩን ስም ብቻ በወር ስም ከመተካት ነው፤ የእኛ የካቲት ግን በፌብሩዋሪ 8 ይጀምርና ማርች 9 ላይ ያልቃል። ለማጣራት ሠንጠረዥ አያስፈልግዎትም፦ የካቲት 23 የዓድዋ በዓል ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ማርች 2 ላይ ይውላል፣ ከዚያ ሰባት ቀን ሲቆጥሩ የካቲት 30 ማርች 9 ይሆናል። ስለዚህ ትክክለኛው ማርች 9 ቀን 2025 ነው። መስቀልን (ሴፕቴምበር 27)፣ ጥምቀትን (ጃንዋሪ 19)፣ ግንቦት 20ን (ሜይ 28) እንዲሁ እንደ ችካል ይጠቀሙባቸው።

ሁለተኛው የቀን ስህተት ይበልጥ ተንኮለኛ ነው። ከገጹ ግርጌ «03/13/2017» የሚል ረድፍ አለ። ጳጉሜን 3 ነው። ተርጓሚው አኃዞቹን እንዳሉ ገልብጦ አልፏል፤ ወሩን ከቀኑ አስቀድሞ መጻፍ የለመደ አንባቢ ግን ማርች 13 ቀን 2017 ብሎ ነው የሚያነበው፤ ከመግለጫው ስምንት ዓመት ቀድሞ የተደረገ ግብይት ይሆንበታል። ትክክለኛው ሴፕቴምበር 8 ቀን 2025 ነው። አሥራ ሦስተኛ ወር ያለው ሕዝብ ቀኑን በአኃዝ ብቻ ለባዕድ አንባቢ መላክ የለበትም፤ በትርጉሙ ላይ ወሩ በፊደል ይጻፍ።

ዓመቱም ጣጣ አለው። ብዙ ሰው «ስምንት ጨምር» ብቻ ነው የሚያውቀው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ያለው ልዩነት ሰባት ነው፤ ስምንት የሚሆነው ከጃንዋሪ 1 በኋላ ነው። የእርስዎ መግለጫ መስከረም 30 ቀን 2018 ላይ ያበቃል፤ ኦክቶበር 10 ቀን 2025 መሆን ሲገባው ትርጉሙ 2026 ይላል። ሠራተኛው ገና ያልደረሰ ቀን ሲያይ ምን እንደሚያስብ መገመት አያቅትም። ተርጓሚው በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ የጎርጎርዮሳዊውን ቀን ጽፎ በቅንፍ የዋናውን እንዲያስቀምጥ ያድርጉ። አንዱን ብቻ ከጻፈ ማመሳከር አይቻልም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ካሉ ስህተቱ ራሱ ይጮኻል።

ወደ አኃዞቹ ስንመጣ፣ ለዚህ ሥራ ከካልኩሌተር በቀር የሚያስፈልግ ነገር የለም። የሂሳብ መግለጫ ከሌሎች ሰነዶች የሚለየው ራሱን የሚመረምር በመሆኑ ነው፦ ከላይ ባለው ቀሪ ላይ ገቢውን ደምሮ ወጪውን ሲቀንሱ የዚያን ረድፍ ቀሪ ማግኘት አለብዎት። በእርስዎ ገጽ መነሻው 84,350.00 ብር ነው። 12,500.00 ገብቶ 96,850.00 ሆነ፤ 4,800.00 ወጥቶ 92,050.00 ቀረ፤ እስከዚህ ድረስ ትርጉሙ ከዋናው ጋር ይገጥማል። ቀጣዩ ረድፍ ላይ ትርጉሙ 16,500.00 ገባ፣ ቀሪው 107,650.00 ነው ይላል። ደምሩት፦ 108,550.00 ይመጣል። ልዩነቱ 900 ነው። ዘጠኝ መቶ ለዘጠኝ ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ የሂሳብ ሠራተኞች እንዲህ ያለ ልዩነት ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ሁለት አኃዞች ቦታ መለዋወጣቸውን ነው። ዋናውን ስመለከት 15,600.00 ነው የሚለው። የትርጉም ቤቱ ጸሐፊ አምስትና ስድስትን አለዋውጣለች፣ ሌላ ተንኮል የለውም። አንድ ዜሮ ሲጨመር ወይም ሲጎድልም ልዩነቱ ለዘጠኝ ይካፈላልና ሁለቱንም ያስቡ።

ይህ ምርመራ የማይደርስበት ቦታ አለ። አንዳንድ ትርጉም ቤቶች ሠንጠረዡን በኮምፒውተር ሲሠሩ ቀሪውን ዓምድ ከዋናው አይገለብጡትም፤ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲደምር ቀመር ያስገባሉ። ያን ጊዜ አንድ አኃዝ ቢሳሳት ከሥሩ ያለው ቀሪ ሁሉ አብሮ ይሳሳትና ድምሩ ግን ውብ ሆኖ ይገጥማል። ስለዚህ የትርጉሙ ድምር እርስ በርሱ መግጠሙ አይበቃም፤ በየገጹ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀሪ፣ እንዲሁም የገቢና የወጪ ጠቅላላ ድምር ከዋናው ጋር ፊት ለፊት መመሳከር አለባቸው። የረድፎቹንም ብዛት ይቁጠሩ። እኔ የምሠራው ከሌላ ሰው ጋር ሆኜ ነው፦ አንዱ ዋናውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ሌላው ትርጉሙ ላይ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል፣ ደግሞም ከታች ወደ ላይ። ከላይ ወደ ታች ስናነብ ዓይናችን የሚጠብቀውን ያያል፤ ከታች ሲጀመር ያለውን ያያል።

አኃዝ ሆነው የማይታዩ ግን አኃዝን የሚያበላሹ ሁለት ቃላት አሉ። የተቋምዎ መግለጫ ዓምዶቹን «ገቢ» እና «ወጪ» ይላቸዋል። ተርጓሚው «ገቢ»ን «ኢንካም» ብሎታል። መዝገበ ቃላት ላይ አልተሳሳተም፤ ሂሳብ ላይ ተሳስቷል። እዚህ ገቢ ማለት ወደ ሂሳቡ የተቀመጠ ገንዘብ ነው፣ «ዲፖዚት» ወይም «ክሬዲት» ነው መባል ያለበት። ወንድምዎ ያስቀመጠልዎት 40,000 ብር «ኢንካም» ተብሎ ሲጻፍ ኤምባሲው ከመሥሪያ ቤትዎ የደመወዝ ደብዳቤ ጋር ያስተያየውና «የተናገሩት ገቢ ከመግለጫው ጋር አይስማማም» ይላል። በእኔ ግምት ከቀኑ እኩል የጎዳዎት ይህ ነው። «የ2017 በጀት ዓመት ወለድ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ በጀት ዓመታችን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ በጎርጎርዮሳዊው ከጁላይ 2024 እስከ ጁላይ 2025 ነው እንጂ የ2017 ወለድ አይደለም። ወለዱና ከወለዱ ላይ የተቀነሰው ግብር በዋናው ሁለት ረድፍ ከሆኑ በትርጉሙም ሁለት ረድፍ ይሁኑ፤ «ለማሳጠር» አንድ ማድረግ አይፈቀድም።

ብሩንም ወደ ዶላር ወይም ወደ ዩሮ አያስለውጡ። ተርጓሚ ምንዛሪ አያሰላም። ኤምባሲው ተመጣጣኙን ከፈለገ የምንዛሪ ተመኑና ቀኑ የተጻፈበት የባንክ ደብዳቤ ለብቻው ያያይዙ፤ ሠንጠረዡ ውስጥ ግን ብር ብር ሆኖ ይቅር።

ማኅተሙ። የእርስዎ ትርጉም ከታች «ማኅተምና ፊርማ አለው» ብቻ ይላል፤ ይህ ስንፍና ነው። በዋናው ላይ ሦስት ነገሮች አሉ፦ የተቋሙ ክብ ማኅተም፣ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ ስምና ማዕረግ ያለበት ቲተር፣ የወጣበት ቀን ማኅተም። የእያንዳንዱ ጽሑፍ መተርጎም፣ በትርጉሙም ላይ በዋናው ያለበት ቦታ ላይ በቅንፍ መቀመጥ አለበት፦ «ክብ ማኅተም፦ የተቋሙ ስም፣ የቅርንጫፉ ስም»፣ «ፊርማ»፣ «የቀን ማኅተም፦ ይህ ቀን»። የማይነበብ ክፍል ካለ «አይነበብም» ተብሎ ይጻፍ እንጂ በግምት አይሞላ። በብዕር የተሰረዘ ወይም የታረመ ነገር፣ ከጎኑ ያለ አጭር ፊርማ፣ በገጹ ጀርባ ያለ ጽሑፍ ሁሉ ይጠቀሳል።

አንድ ጊዜ የመጨረሻው ቀሪ ሂሳብ ላይ ወይን ጠጅ ማኅተም በደንብ ተጭኖበት የመጣ መግለጫ እጄ ገባ። ከቀለሙ ሥር ያለው አኃዝ 3 ይሁን 8 መለየት አልቻልሁም። ከላይኛው ረድፍ ደምሬ 8 መሆኑን አወቅሁ፤ ባለጉዳዩም «ታዲያ ጻፈው» አለኝ። አልጻፍሁም። ድምሩ ለእኔ ያሳወቀኝን ወረቀቱ አላሳየኝምና። ወደ ቅርንጫፉ መልሼ ማኅተሙ ባዶ ቦታ ላይ ያረፈበት ሌላ ቅጂ አስወጣሁት። ግማሽ ቀን ፈጅቶበታል፣ ተቆጥቶኝም ነበር። የእርስዎም ሁለተኛ ገጽ ላይ ማኅተሙ የወጪ ድምሩን ጫፍ ነክቷል፤ አዲስ ሲያስወጡ ጸሐፊውን ባዶ ቦታ ላይ እንዲያደርገው ይጠይቁት።

በዋናው ላይ ራሱ ስህተት ካገኙ፣ ለምሳሌ በአኃዝ የተጻፈውና በፊደል የተጻፈው ገንዘብ ካልተስማማ፣ በትርጉሙ ላይ «ማስተካከል» የሚባል ነገር የለም። የተሳሳተው እንደ ተሳሳተ ይተረጎማል፣ ወይም ደግሞ ተቋሙ አርሞ አዲስ ይሰጣል። የታረመ ትርጉምና ያልታረመ ዋና አብረው ሲቀርቡ የሚመስለው ነገር ማጭበርበር ነው። ስምዎን ግን በፓስፖርትዎ ላይ ባለው የላቲን አጻጻፍ እንዲጽፍ ለተርጓሚው የፓስፖርቱን ቅጂ ይስጡት፤ «ፀሐይ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል በአራት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፣ የሚፈለገው ግን ያ አንዱ ብቻ ነው።

የተርጓሚው ማረጋገጫ ቃልም ባዶ ማኅተም ብቻ መሆን የለበትም። ብሪታንያ የምትፈልገው ተርጓሚው ትርጉሙ ከዋናው ጋር ትክክል መሆኑን የሚገልጽበት ቃል፣ የተተረጎመበት ቀን፣ ሙሉ ስሙና ፊርማው፣ እንዲሁም አድራሻው ነው። የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ደግሞ ትርጉሙ ሙሉና ትክክል መሆኑን፣ ተርጓሚውም ከዚያ ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ ለመተርጎም ብቁ መሆኑን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል። «ሙሉ» የሚለው ቃል ለእርስዎ ትርጉም ፈታኝ ነው፤ የጀርባው ገጽ አልተተረጎመምና። ሌሎች ኤምባሲዎች የየራሳቸው ዝርዝር አላቸው፤ የትኛው ወረቀት በሰነዶች ማረጋገጫና በውጭ ጉዳይ ማለፍ እንዳለበትም የሚናገረው ያ ዝርዝር እንጂ ከበሩ ላይ የሚቆመው ደላላ አይደለም።

እንግዲህ የተመለሰውን ወረቀት አይጠግኑት። በነጭ ቀለም ማጥፋት፣ በብዕር ማረም፣ አንዱን ገጽ ብቻ መቀየር ሁሉም ያባብሳል፤ ማኅተም ካረፈ በኋላ የተነካ ሰነድ ከተሳሳተ ሰነድ የባሰ ነው። ከተቋሙ በእንግሊዝኛ የሚገኝ ከሆነ እርሱን፣ ካልሆነ ንጹሕ የአማርኛ ቅጂ አዲስ ያስወጡ። ለትርጉም ሲሰጡ ማኅተም ያልተደረገበት ረቂቅ አስቀድመው እንዲሰጡዎት ይስማሙ፣ ቤትዎ ወስደው ከላይ ባልሁት መንገድ ያመሳክሩ፣ ያረሙትን መልሰው ያሳዩ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ማኅተሙ ይረፍ። ረቂቅ አልሰጥም የሚል ትርጉም ቤት ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ። ትርጉሙም ከዋናው ቅጂ ጋር ተያይዞ የተርጓሚው ማኅተም በመጋጠሚያው ላይ ይሁን፣ ገጽ እንዳይቀየር። ለኤምባሲው ሲያስገቡ የፊተኛው ትርጉም ስህተት እንደነበረበትና በምን እንደ ተካ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ያክሉ፤ ሁለት የተለያየ ትርጉም ያለ ማብራሪያ ፋይላቸው ውስጥ ሲገኝ ጥርጣሬው ወደ እርስዎ ነው የሚዞረው።

ለፍርድ ቤቱ ይህ የእንግሊዝኛ ትርጉም አያስፈልግዎትም። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ የአማርኛውን ዋና መግለጫ ያቅርቡ። ጉዳይዎ በኦሮሚያ ክልል ፍርድ ቤት ከሆነ ወደ አፋን ኦሮሞ የተተረጎመ ይጠየቃሉ፤ ሌሎች ክልሎችም የየራሳቸው የሥራ ቋንቋ አላቸው። በተቃራኒው ደግሞ በንግድ ባንክ ወይም በሌላ ባንክ ያለዎትን የእንግሊዝኛ መግለጫ ለፌዴራል ፍርድ ቤት የሚያቀርቡ ከሆነ ወደ አማርኛ የሚተረጎመው እርሱ ነው፤ ያን ጊዜ ቀን መለወጡ በተቃራኒ አቅጣጫ ይመጣል። ክርክርዎ ስለ 2016 ዓ.ም. ክፍያ ከሆነ አንድ ወጥመድ አለ። 2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት የነበረችበት ዓመት ስለሆነ የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ፤ ከዚያ ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2024 ድረስ ያሉት ቀኖች ሁሉ ከተለመደው ሠንጠረዥ አንድ ቀን ይዛነፋሉ። ዲሴምበር 15 ቀን 2023 በተለመደው አቆጣጠር ታኅሣሥ 6 ይመስላል፤ ትክክለኛው ታኅሣሥ 5 ነው። በዚያ ዓመት ገና ታኅሣሥ 28 መከበሩን ካስታወሱ ይገባዎታል። ስለዚህ ተርጓሚው በዋናው ላይ ያለውን ቀን «እ.ኤ.አ.» ብሎ እንዳለ ያስቀምጥ፣ የእኛን በቅንፍ ይጨምር። ሌላው ተከራካሪ መግለጫውን ከካደ ደግሞ ትርጉም ላይ አይሟገቱ፤ ፍርድ ቤቱ ባንኩ መግለጫውን በቀጥታ እንዲልክ ትዕዛዝ እንዲሰጥልዎት ያመልክቱ።